ሁለቱንም አስፈቅዳ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አገናኟ» ነው የሚላት። አርክቴክት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሕንፃ ስትነድፍ ኖራ፣ ከነደፈቻቸው ሕንፃዎች ይልቅ ያስተዋወቀቻቸው ሰዎች ይበዛሉ እየተባለ ይቀለድባታል። የአፈር ምርመራ ባለሙያ የሚፈልግ፣ ለአዳራሽ ሥራ የድምፅ ነገር የሚገባው ሰው ያጣ፣ አዲስ የተመረቀ ልጁን ማን ጋ እንደሚልክ የጨነቀው፣ ሁሉም እሷ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እሷም እርሳሷን አስቀምጣ ትሰማለች፤ ሰምታ ስትጨርስ «እስቲ ልጠይቅልህ» ትላለች። «ላገናኝህ» ብላ አታውቅም። ይህቺን ልዩነት ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው።

ሰውን ሳያስፈቅዱ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ኢሜይል ውስጥ መክተት፣ እንግዳ አስከትሎ ሳያንኳኩ የሰው መኝታ ቤት እንደ መግባት ነው ብላ ታምናለች። ምክንያቱም ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚቀርለት፦ ወይ ሳይወድ እሺ ማለት፣ ወይ በሰው ፊት እምቢ ብሎ ክፉ መባል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሚጠየቀው ሰው ለብቻው ትጽፋለች፤ ማን እንደሚፈልገው፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «እምቢ ብትል አልቀየምህም፤ እሱም አይሰማም።» ፈቃደኛነቱ ከመጣ ወደ ጠያቂው ተመልሳ፣ ስለ እሱ ምን ብላ እንድትጽፍ እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች። ሁለቱም እሺ ሲሉ ብቻ አዲስ፣ ንጹህ ኢሜይል ከፍታ የሁለቱንም አድራሻ ታስገባለች፤ ለያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መስመር ትጽፍና «ከዚህ በኋላ እናንተው ተነጋገሩ» ብላ ትወጣለች።

እምቢታ ሲመጣ ግን እሷው ዘንድ ይቀራል። ደግሞ ይመጣል፤ ሰዎች ለብቻቸው ሲጠየቁ የልባቸውን ይጽፋሉ። «ያ ሰውዬ ሰነፍ ነው»፣ «ከሱ ጋር ሠርቼ ጨጓራዬን ታምሜያለሁ»፣ «በፍጹም»። ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጋ ለጠያቂው አንዲት መልስ ብቻ ትሰጣለች፦ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል»። ቢሮ ውስጥ ያሉት ወጣት ነዳፊዎች ነገሩ ስለገባቸው መቀለጃ አድርገውታል። አንዷ ምሳ ሲጋብዟት ካልፈለገች «ሥራ በዝቶባታል በሏቸው» ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል፤ አገናኟም አብራ ትስቃለች።

ይህ ሁሉ ያማረ ልማድ ነው። ያጠፋትም እሱው ነው።

ታናሽ ወንድም አላት። ፀጉሩ ሳስቶ፣ መነጽሩ ወፍሮ፣ እስካሁን ቤተሰቡ «ማሙሽ» ነው የሚለው፤ እናታቸው በዚህ ዕድሜው እንኳ «ማሙሽ ራቱን በላ ወይ» ብላ ትጠይቃለች። የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። እህቱ የምትነድፈውን ዓይነት ሕንፃ እንዳይወድቅ የሚያሰላው እሱ ነው ማለት ነው፤ ልጅ ሆነው ከካርቶን ቤት ሲሠሩ እንኳ እሷ መስኮት ስትቆርጥ እሱ ከሥር ድጋፍ ይለጥፍ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ማሙሽ ማሙሽነቱ ቀረ። አልጠጣም፣ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ቀስ አለ። ንግግሩ ቀስ አለ፣ አረማመዱ ቀስ አለ፣ ሥራውም ቀስ አለ። የሚሠራበት ድርጅት ሰው ሲቀንስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ነው።

አንድ ቀን እህቱ ቢሮ ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም። እንደ ማንኛውም ሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እታለም፣ እርሳስ ሰው እየቀጠረ ነው አሉ።»

እርሳስ የሚሉት የእሷን የድሮ የክፍል ጓደኛ ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነው፤ ዛሬ የራሱ የዲዛይን ቢሮ አለው፤ የሌሎችን ስሌት በገለልተኛነት የሚመረምረውም እሱ ነው።

«ልጠይቅልህ?» አለችው።

«ጠይቂልኝ። ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እንደ መሐንዲስ አስተዋውቂኝ። እንደ ወንድምሽ አይደለም። አዝነሽልኝ እንዳትጽፊ። ያዘነልኝ ሰው በዝቷል፤ አሁን የሚያስፈልገኝ የሚያሠራኝ ነው።»

«ቃሌ ነው» አለችው። ከልቧ ነበር ያለችው። ይህን ማንም አይክዳትም።

ለእርሳስ ጻፈች። እንደ ወትሮው አጭር፣ ንጹህ፤ ወንድሟ የሠራቸውን ሥራዎች ጠቅሳ፣ ከነሱም መካከል አንድ የጤና ጣቢያ ሕንፃን፣ መጨረሻው ላይም ያቺን የታወቀች ዓረፍተ ነገሯን አስገብታ። መልሱ በማግስቱ መጣ።

«ላንቺ ስለሆነ እውነቱን ልንገርሽ» ይላል። «የጠቀስሽውን የጤና ጣቢያ ስሌት የመረመርኩት እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ የሚቀመጡት የውሃ ታንከሮች ክብደት ስሌቱ ውስጥ የለም። ጭራሽ ረስቷቸዋል። የኮለኖቹን ፌሮ እንዲጨምሩ አድርጌ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳላነሳ አሳለፍኩት። ሚስቱ የሞተች ሰሞን ነበርና አሳዘነኝ። ሰውየውን እወደዋለሁ፤ በሱ ፊርማ ላይ ግን የኔን ፊርማ አላኖርም። ይህ ባንቺና በኔ መካከል ይቅር።»

አገናኟ መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያን የጤና ጣቢያ ማሙሽ እንዴት እንደሚወደው ታውቃለች። በታክሲ ባለፉበት ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ «የኔ ልጅ» ይለዋል። ከሐዘኑ መሃል ተነስቶ የጨረሰው ሥራ እሱ ነውና፣ ያኔም ቢሆን ሰው ነበርኩ የሚለው በዚያ ነበር።

ማታ ስልክ ደወለችለትና፣ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል» አለችው።

«ምንም አይደል፤ እጠብቃለሁ» አለ ማሙሽ። ቢሮውን ሁሉ ስታስቅ የኖረችው ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ውስጥ መረረቻት።

እሱ ደግሞ የምሩን ጠበቀ። የድሮ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አወረደ፣ የተቀየሩትን የዲዛይን ደንቦች ማንበብ ጀመረ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሰቀለ። ለቃለ መጠይቁ ነው ይላል። ወራት ሲያልፉ ሸሚዙ ትከሻው ላይ አቧራ ያዘ። መጻሕፍቱ ተከፍተው ቀሩ። እናታቸው በየእሑዱ ለአገናኟ ትደውላለች።

«ያ ልጅ መጋረጃውን እንኳ መግለጥ ትቷል። አንቺ ለባዳው ሁሉ ሥራ ስታፈላልጊ ለገዛ ወንድምሽ ምነው እጅሽ አጠረ?»

«ጠይቄያለሁ እኮ፣ እማ።»

«ጠይቂ እንጂ መጠየቅ ይሰለቻል እንዴ?»

ምን ትበላት? እምቢ ተብሏል ብትል ለምን የሚለው ይከተላል። ለምን የሚለው ደግሞ ያንን ጤና ጣቢያ ያፈርሰዋል። ሰው አፉን እንዲህ ታሽጎ ሲኖር ሌላው ክፉ አድርጎ ያየዋል፤ እናቷ እንደዚያ እያየቻት ነበር፤ እሷም ራሷን እንደዚያ ማየት ጀመረች።

አንድ ቀን ቤቱ ሄዳ ስታገኘው፣ ማሙሽ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያልተለኮሰ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ያያል። «ውሃው እስኪፈላ ነው» አላት። ክብሪቱን አንስታ ለኮሰችለት። ቢሮዋ እንደተመለሰች የእርሳስን መልስ ከፈተች፤ መልስ መስጫውን ተጭና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ጽፋ የማታውቀውን ጻፈች።

«እባክህ። እንደ መሐንዲስ እንዳለቀለት አውቃለሁ፤ እሱን ልትነግረኝ አያስፈልግም፤ አንተ ሳትነግረኝም አውቅ ነበር። የምለምንህ ለሥራው ብዬ አይደለም። በሽተኛ አድርገህ ቁጠረው። አንድ ጠረጴዛ ስጠው፤ አንድ የማይጎዳ ነገር ስጠውና ያስላ፤ አንተ ደግሞ ጣለው። ደመወዙን ከፈለግህ እኔ በጎን እሸፍናለሁ፤ እሱ አይወቅ። ብቻ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ይኑረው። ወንድሜ እየሞተብኝ ነው።»

እንዲህ ነው የሚወደድ ሰው የሚዋረደው። ያንን ስትጽፍ እያለቀሰች ነበር፤ ቃሏን እያፈረሰች እንደሆነም አላሰበችውም፤ ለአንድ ሰው፣ ለዚያውም ምስጢር ለሚጠብቅ ሰው ነዋ የጻፈችው። ወንድሟ አያየውም። ልማዷ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ አይደል? ለብቻ የተጻፈ ለብቻ ይቀራል።

የእርሳስ መልስ በሳምንቱ ሲመጣ እሷ የሕንፃ ግንባታ ላይ ነበረች፤ ጭንቅላቷ ላይ የደህንነት ቆብ፣ እግሯ አሸዋ ውስጥ፣ ከኋላዋ የኮንክሪት ማቀላቀያው ይጮሃል። በስልኳ አነበበችው። «እሺ። ላንቺ ስል። ገንዘብሽን አልፈልግም። ሐሙስ ጠዋት ይምጣና ግማሽ ሰዓት እናውራ፤ ትንንሽ የጥገና ሥራዎች አሉኝ፤ ከሰው ጋር አጣምሬ ልሞክረው። ስለ ታንከሩ አላነሳበትም። አስተዋውቂን።»

ብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጠች። ደስታ እንዲህ እንደሚያደነግጥ ረስታው ነበር። እርሳስ ሐሳቡን ሳይቀይር፣ ማሙሽ ሌላ ቀን በዚያ ወጥ ቤት ሳያሳልፍ፣ አሁኑኑ ብላ መልስ መስጫውን ተጫነች። ግልባጭ በሚለው ላይ የወንድሟን አድራሻ አስገባች። ርዕሱን አጥፍታ «ትውውቅ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በዕድሜዋ ከጻፈቻቸው ሁሉ ያማረውን ጻፈች፦

«ሁለታችሁንም አስፈቅጄ ነው የማስተዋውቃችሁ። ይህ መሐንዲስ ሸክም የት ላይ እንደሚያርፍ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ያኛው መሐንዲስ ደግሞ ከማውቃቸው ሁሉ ታማኙ መርማሪ ነው። ከዚህ በኋላ እናንተው ተነጋገሩ።»

ከጽሑፏ ግርጌ ሦስት ነጥቦች ብቻ ነበሩ። ስልክ እንዲህ ነው፤ የቀድሞውን ልውውጥ ሁሉ አጣጥፎ ሦስት ነጥብ ያደርገዋል። ሁልጊዜ አዲስ ኢሜይል ስለምትከፍት እነዚያን ነጥቦች ልብ ብላቸው አታውቅም። ላከችው። ለፎርማኑም ያለ ምክንያት ፈገግ አለችለት።

እርሳስ ነው የደወለው። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«የላክሽውን አየሽው?»

«አዎ፤ እንዴት እንደማመሰግንህ…»

«ከሥር ያለውን ነው የምልሽ።»

ከማቀላቀያው ጩኸት ራቅ አለች።

«እኔ የጻፍኩት ላንቺ ነበር» አለ እርሳስ። አልተቆጣም፤ የተቆጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ያንቺንም ያነብበዋል። ከኔ ይልቅ ያንቺ ነው ያሳሰበኝ።»

ሦስቱን ነጥቦች ነካቻቸው። ተዘረጉ። ታንከሮቹ፣ ኮለኖቹ፣ ፊርማው። ከነሱ በላይ ደግሞ የራሷ ቃላት፦ እንዳለቀለት አውቃለሁ። በሽተኛ አድርገህ ቁጠረው። አንተ ደግሞ ጣለው። የላኩትን ኢሜይል መመለሻ ፈለገች፤ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሰው እጅ የገባ ነገር ከእንግዲህ የሰውየው ነው። የደህንነት ቆቡን እንኳ ሳታወልቅ ታክሲ አስቁማ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

በሩን ራሱ ከፈተላት። መጋረጃው ተገልጧል። ነጩን ሸሚዝ ለብሶታል። ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ባነበበ ጊዜ ለብሶት መሆን አለበት፤ ሙሉውን ያነበበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ስታስብ ግድግዳውን ያዘች።

«ማሙሽ…»

«ግቢ፣ እታለም። ቆብሽን አውልቂ።»

አወለቀችው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ነበር። የጤና ጣቢያውን ጣሪያ ከትዝታው ነድፎታል፤ ታንከሮቹን አስቀምጦ ክብደታቸውን በየኮለኑ ላይ አከፋፍሎ አስልቷል። ቁጥሮቹ በጥንቃቄ፣ በቀጭን እጅ የተጻፉ ነበሩ።

«ልክ ነው» አላት። «ኮለኖቹ አይችሉትም ነበር። እሱ ባይደርስበት ኖሮ በሽተኞቹ ላይ ነበር የሚመጣው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ‹የኔ ልጅ› እያልኩ ሳልፍ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።»

«እኔም በኋላ ነው የሰማሁት። እንዳትጎዳ ብዬ…»

«እርሳስ እንኳ ስህተቴን ነው ያየው። ስህተት ይታረማል። ብትነግሪኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ አርመው ነበር፤ ይኸው አርሜዋለሁ።» ወረቀቱን በጣቱ ነካ አደረገው። «አንቺን ግን አንድ ነገር ነበር የለመንኩሽ።»

ይቅርታ አለችው፤ ደጋግማ አለችው፤ ቃሉ እያለቀ ሄደ። እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማት፤ እንግዳ እንደሚሰማ ሰው በትሕትና። «ሻይ ላፍላልሽ?» አላት። የዚህን ጊዜ ነው ወንድሟን እንዳጣችው የገባት፤ ማሙሽ ሻይ ልቀዳልሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይቀዳላት ነበር እንጂ።

በማግስቱ የማሙሽ ኢሜይል ደረሳት። ለእርሳስ የተጻፈ ነው።

«ክቡር መሐንዲስ፦ ጊዜዎን ሊሰጡኝ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ፤ ሐሙስ ግን አልመጣም። የጤና ጣቢያውን ኮለኖች ስላስተካከሉልኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ፤ ማመስገን ሲገባኝ ሳላውቅ ቆይቼ ነው። አስተዋዋቂያችንን በተጨማሪ ልውውጥ እንዳናስቸግር ወደ ስውር ግልባጭ አዛውሬአቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይደርሳቸውም።»

ይህ መጨረሻው ላይ ያለው ነገር በእንዲህ ያለ ትውውቅ ሁሉ የተለመደ ጨዋነት ነው። እሷ ራሷ ናት ለብዙዎች ያስተማረችው፦ ተዋዋቂዎቹ መነጋገር ሲጀምሩ ያስተዋወቃቸውን ሰው ያመሰግኑና ወደ ስውር ግልባጭ ያወጡታል፤ ያቺን አንዲት መልእክት ብቻ ያያል፣ ስሙም አይታይም፣ የሚቀጥለው አይደርሰውም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ስትወጣ እፎይ ትል ነበር። አሁን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ ስሟ የትም የለም። «አስተዋዋቂያችን» ነው ያላት። «ወንድሜ» ብላ እንዳትጽፍ የነገራት እሱው ነበርና፣ እሱ ቃሉን ጠብቋል።

እርሳስ መልሶለት እንደሆነ አታውቅም። ልትጠይቀው ድፍረት አላገኘችም። ወንበር ስበው ለሚቀመጡት ሁሉ አሁን «አልችልም» ትላለች፤ ነዳፊዎቹ ምን እንደነካት አያውቁም፣ ቀልዱም ቀርቷል።

ማሙሽ ስልኩን አያነሳላትም። ሳትጠራ ልትሄድበት አልፈለገችም፤ ቢያንስ አስፈቅዶ መግባትን አልተውም ብላ። እሑድ እናቷ ስትደውል ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ጠያቂ ሆነች።

«እማ፣ ማሙሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ቤቱ ልምጣ ወይ በይልኝ። አትጫኚው። እምቢ ካለም አልቀየመውም።»

«ምን ሆናችሁ ነው እናንተ? ወንድም ቤት ለመሄድ ፈቃድ ይጠየቃል?»

«ግድ የለም፣ ጠይቂልኝ።»

እናቷ ሳምንቱን ሙሉ ድምፅዋን አጠፋች። ሌላ ጊዜ መልእክት ከተሰጣት እሑድን አትጠብቅም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ደወለች፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራች፣ ስለ ጎረቤት አወራች፣ ስለ ዝናቡ አወራች። አገናኟ በትዕግሥት አዳመጠች። በመጨረሻ ራሷ ጠየቀቻት።

«ምን አለ?»

ከስልኩ ወዲያ እናቷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማት።

«እሱማ…» አለች፣ መዋሸት እንዳልለመደ ሰው እየተንተባተበች። «ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል አለ፣ ልጄ።»